የቅጥሩና የጎብኚ ማረፊያው ረቂቅ፦ ከመላካችን በፊት እንየው

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዘጌው ደብራችን ረቂቅ ሁለት ሥራ ይዟል። በምሥራቅ የፈረሰውን የድንጋይ ቅጥር መጠገን፣ እዚያው ቅጥሩን ተጠግቶ ደግሞ የጎብኚ ማረፊያ መሥራት። ሐሳባችሁን ጻፉ።

ግንበኛው፦ ቅጥሩን ቀጥ አድርገን በሲሚንቶ ብንሠራው ድንጋይ ይቆጥባል። ማረፊያውም የትም ቢቆም ያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ ፊትና ጀርባ የለውም።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ክብ የሆነው ውጭው ነው። መቅደሱ ውስጥ አራት ማዕዘን ነው፤ ቄሱም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀድሳል። ቤተልሔሙን አይተኸዋል? በምሥራቅ በኩል ያለችው ትንሿ ቤት ናት። ኅብስቱ እዚያ ይዘጋጃል፤ በቅዳሴ ቀን ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ ወደ መቅደስ ይዘው ይመጣሉ፣ ሕዝቡም ይሰግዳል። አንተ ማረፊያውን የሣልከው በዚያች መንገድ ላይ ነው።

አንዲት አባል፦ የእኛን ነገር ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ሰፈራችን ያለው ደብር ግቢ ውስጥ የንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ሠሩ። በበዓሉ ታቦቱ ሲዞር ጃንጥላው በቆርቆሮው ጠርዝ ተይዞ ተቀደደ። ሱቁ አሁንም እንደቆመ ነው!

ሌላ አባል፦ ቅጥር ሲባል ሴቶች እንዳይገቡ ነው እንዴ? እንደ ክብራን ገብርኤል?

ጸሐፊዋ፦ ኧረ አይደለም ወንድሜ። የክብራን ገዳም የራሱ ሥርዓት ነው። የእኛ ደብር ሴቶችም ይገባሉ፤ የሚጠገነው የፈረሰው ብቻ ነው።

መሪጌታ፦ ወደ ዑደቱ ልመለስ። በዓል ሲሆን ታቦቱ ሦስት ጊዜ ይዞራል። በሆሳዕና ደግሞ በየማዕዘኑ እየተቆመ ወንጌል ይነበባል። ስለዚህ ዙሪያው ሁሉ መንገድ ነው። የድሮዎቹ ቅጥሩን ክብ አድርገው የገነቡት ስላላወቁበት አይደለም። ቀጥ ካደረግከው አንዱ ጎን ይጠባል።

ግንበኛው፦ እሺ፣ ትናንት በጀልባ ተሻግሬ ለካሁት። በምሥራቅ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ አሮጌው ቅጥር መሠረት 6 ሜትር ነው። ማረፊያው 3.5 ሜትር ይወስዳል። ቀሪው 2.5 ነው። ሁለት ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ጎን ለጎን ቢሄድ ሦስተኛ ሰው አያልፍም፤ ከበሮውንማ ተዉት። ተሸንፌያለሁ፣ በአሮጌው መሠረት ላይ በክቡ እሠራዋለሁ። ሲሚንቶውን ግን አልተውም።

መሪጌታ፦ ከተጠቀምክም ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ተውለት። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ ሲደረደር ዝናቡ በመሐሉ ያልፋል። ከደፈንከው ተዳፋቱ ላይ ውሃ ከጀርባው ይቋጠርና ይገፋዋል። ሆዱ ሲነፋ ካየህ መውደቂያው ደርሷል።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ ማረፊያው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከምዕራቡ በር ወረድ ብሎ ይሁን ብዬ አስተካክላለሁ። ጎብኚውም ከጀልባ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

አንዲት አባል፦ እዚያ ያለው ቡና የማነው? የደብሩ ነው ወይስ የገበሬው?

ጸሐፊዋ፦ ይጠየቃል። እስከዚያ ረቂቁ አይላክም።