ሱሉልታ መንገድ ላይ ሞተሬ ሞቆ ቆሜያለሁ፤ ቴርሞስታቱ ይሆን?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። አሮጌ ኮሮላዬ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ የሙቀት ጌጁ ቀይ ውስጥ ገባ። ኤሲ አጥፍቼ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ስከፍት ትንሽ ወረደ፤ ወዲያው ግን ተመለሰ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የራዲያተሩን ክዳን አልነካሁም፤ ትኩስ እያለ ከተከፈተ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ወደ ራዲያተሩ የሚገባው የላይኛው ጎማ በጣም ይፋጃል። የታችኛው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ራዲያተሩም እንደዚያው። ፍሳሽ የለም፣ የማጠራቀሚያው ውሃም ልኩ ላይ ነው። ፋኑ ኤሲ ሲበራ ይዞራል፣ ሞተሩ ሲግል ግን በራሱ አልተነሳም። የእኔ መኪና የፋን ሴንሰር ያለው በታችኛው በኩል ስለሆነ፣ የሞቀው ውሃ እዚያ ካልደረሰ ፋኑ አይነሳም። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ የቀረ መሰለኝ። ወይስ የውሃ ፓምፑ ወይም የተደፈነ ራዲያተርም እንዲህ ያደርጋል? በምን ልለየው?

ሌላው፣ መካኒኩ የሞላው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስቀይር ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ልቀላቅል አስቤያለሁ።

አሁን የቸኮልኩበት ግን ይሄ ነው፦ ሲቀዘቅዝ ቴርሞስታቱን አውጥቼ፣ ውሃ ሞልቼ ቀስ ብዬ አዲስ አበባ ብገባ ቴስታው ይጎዳል? ወይስ በመጎተቻ ልሂድ?