ከኮቪድ በኋላ ሽታ ተዛብቶብኛል፤ የማሽተት ልምምዱን እንዴት ልቀጥል?

ኮቪድ ይዞኝ ማሽተት አቅቶኝ ነበር። ከወራት በኋላ ሽታ ተመለሰልኝ፣ ግን ተዛብቶ። ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል። ሽንኩርት ሲቁላላ ደግሞ የበሰበሰ ሥጋ። ከሁሉ የከበደኝ የልጄ አንገት ነው፤ ስስመው ኬሚካል ኬሚካል ይለኛል። ትኩስ ነገር ስለሚብስብኝ እርጎ፣ ሙዝና የቀዘቀዘ ሩዝ ነው የምበላው።

የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫዬን አይቶ ንጹሕ ነው አለኝ። የማሽተት ነርቭ ሲያገግም እንዲህ ያደርጋል አለ። ጠዋትና ማታ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ ለየብቻ 20 ሰከንድ ያህል አሸታለሁ። ሎሚው ሎሚ መሽተት ጀምሯል። ቅርንፉዱ ግን እስከ ማስመለስ ያደርሰኛል።

በዚህ ያለፋችሁ፣ የሚያቅለሸልሸውን ሽታ ለጊዜው ትታችሁት ነው ወይስ ከራቅ አድርጋችሁ በትንሹ እያሸተታችሁት የተሻላችሁ?