እግሬን አላስቆርጥም ያሉት አባት፦ ልጅየው ይፈርም ወይስ አይፈርም?

ተፈታኟ፦ ከነገ ወዲያ የሕክምና ሥነ ምግባር ፈተና አለብን። ይቺ የመለማመጃ ጥያቄ ክፍሉን ለሁለት ከፈለችው። «የ58 ዓመት የመንዝ ገበሬ ናቸው፤ ስኳር በሽታ አለባቸው። ግራ እግራቸው በእርጥብ ጋንግሪን ተበላሽቶ፣ ትኩሳት ይዟቸው ደብረ ብርሃን መጡ። ሐኪሙ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ይሞታሉ ይላል። እሳቸው ‹እግሬን አላስቆርጥም፣ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ውሰዱኝ› አሉ። የበኩር ልጃቸው ‹እኔ እፈርማለሁ፣ አደንዝዛችሁ ሥሩ› ይላል። ምን ታደርጋለህ?» ግማሹ ልጁ ይፈርም አለ፣ ግማሹ ሰውየው እምቢታቸውን ፈርመው ይውጡ አለ። እናንተስ?

የመንዙ ልጅ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ልጁ ይፈርም። እኛ ዘንድ አባት ሲታመም የሚሸጠው በሬ የቤቱ ነው፣ የሚያስታምመውም ቤቱ ነው። ሰውየው ከሞቱ በኋላ መብታቸውን አክብረናል ብላችሁ ለቅሶ ልትደርሱ ነው?

ሕግ የተማረው፦ ስሜትህ ይገባኛል፣ ሕጉ ግን ካንተ ጋር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን፣ አልፈልግም ማለት ይችላል ይላል። ከዚያ ውጭ ያደረገው ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ የሚታዘዘውን ነው፤ እንደ ክትባት ያለውን። እግር መቁረጥ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሞግዚትም የሚወስነው ለአካለ መጠን ላልደረሰና በፍርድ ለተከለከለ ሰው ነው። የ58 ዓመት አባት የልጃቸው ሞግዚትነት የለባቸውም። ስለዚህ ይፈርሙና ይውጡ። አለቀ።

የዋርዱ ኢንተርን፦ ልክ። ፈርመው ከወጡ ከኛ ራስ ወረደ። በራስ የመወሰን መብት ከበጎ ማድረግ ይቀድማል ብለን ነው የተማርነው።

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ አላለቀም፣ ከናንተም ራስ አልወረደም። ሁለታችሁም ጥያቄው ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል ዘላችኋት፦ ትኩሳት። እግሩ የሸተተ፣ ትኩሳት ያለው የስኳር ሕመምተኛ እምቢ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ እምቢ ያለው ማን ነው የሚለው ነው፤ ሰውየው ወይስ ሕመሙ?

አንድ ጊዜ በሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ አባት የደም ሥር መርፌያቸውን ነቅለው ጣሉ። ይሰድቡናል፣ ወደ ቤቴ ካልሄድኩ ይላሉ። ተረኛው ሐኪም የእምቢታ ፎርም አምጪ አለኝ። ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን ባየው በጣም ወርዶ 46 ነው። ማታ ኢንሱሊን ተወግተው እራት አልበሉም ነበር። አርባ ፐርሰንቱን ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናቸው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቀና ብለው «ልጄ፣ የት ነው ያለሁት?» አሉኝ። ያንን ፎርም አስፈርመን ብንሸኛቸው ኖሮ የማን ፈቃድ ነበር?

ተፈታኟ፦ ሲስተር፣ ታዲያ ስኳራቸው ደህና ቢሆንስ? ትኩሳት ስላላቸው ብቻ አያውቁም ማለት ይቻላል?

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ አይቻልም ልጄ፣ እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ትኩሳት መጠርጠሪያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሐኪሙ የሚለውን አለመቀበላቸውም አለማወቃቸውን አያሳይም። አቅማቸው የሚታየው ሲያወሩ ነው። ከአልጋው ጎን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ቆሞ መጠየቅ ማስፈራራት ይመስላል። «አባቴ፣ ዶክተሩ ምን አለዎት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» እላለሁ። የተነገራቸውን መልሰው ከነገሩኝ ገብቷቸዋል። ቀጥሎ «ባይቆረጥ እርስዎን ምን ያገኘዎታል?» እላለሁ። «ሰው ይሞታል አሉ» ካሉኝ ገና ነው፤ «እኔ ልሞት እችላለሁ» ካሉ ነገሩ የራሳቸው መሆኑን አምነዋል። ሦስተኛው «ለምን ይሄን መረጡ?» ነው። ምክንያቱ እኔን ባይጥመኝም ከጀመሩበት ተነሥቶ የሚደርስ መሆን አለበት። በመጨረሻ መልሳቸው ይጸናል ወይ? ጠዋት እሺ፣ ማታ እምቢ፣ እንደገና እሺ ከሆነ ይሄ ውሳኔ አይደለም።

የቁስሉ መርዝ ወደ ደም ሲገባ የሚያመጣው መቀባዠር ደግሞ ይመጣል ይሄዳል፣ ሲመሽ ይብሳል። ለዚህ የሳምንቱን ቀኖች ከእሑድ ወደ ኋላ ቁጠሩልኝ እላለሁ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ይችለዋል። መሐል ላይ ከጠፋባቸው፣ ፈሳሽና ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ጀምረን ነቃ ሲሉ እንደገና ነው የምንጠይቀው። እምቢ ያሉት ቢላውን እንጂ መርፌውን አይደለምና እስከዚያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም።

ጠበል ወዳጅ፦ ቆይ እንጂ፣ ጠበል መሄድ ፈለጉ ተብሎ ነው አእምሯቸው የሚመረመረው? እኔ እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዳ ነው የዳነችው። ሐኪም ሁሉ የሃይማኖት ጠላት ሆነ።

የዋርዱ ኢንተርን፦ ማንም ጠበል አይሂዱ አላለም እኮ ወንድሜ።

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ አይ፣ ይጠይቅ። ጠበል ፈለጉ ማለት አቅም የላቸውም ማለት አይደለም፤ እኔም ጻድቃኔ ሱባኤ ይዤ አውቃለሁ። ግን ጥያቄውን ጠበል ወይስ ሐኪም አድርገህ አታንብበው፣ ሰውየውም እንዲያ እንዲያነቡት አታድርግ። ጠበሉ በጀሪካን ዋርድ ድረስ መጥቶ፣ ካህን መጥቶ ሲያጠምቅ አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን፦ ይጠጡት፣ ፊታቸውን ይታጠቡት፣ የተበላሸውን እግር ግን አይንከሩት፣ በባዶ እግርም አይሂዱ። ስኳር የያዘው እግር ድንጋይ ቢወጋው አይሰማውም።

የመንዙ ልጅ፦ ሲስተርዬ፣ ይሄን ሁሉ ስትጠይቂ እግሩ አይጠብቅም። እርጥቡ ጋንግሪን በቀናት ሽቅብ ይወጣል። ዛሬ ከጉልበት በታች ያለው ነገ ከጉልበት በላይ ይሆናል።

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ ይሄ እውነት ነው፤ ለሰውየውም በዚሁ ቃል መነገር ያለበት ነው። ግን ጥያቄዎቹ ሩብ ሰዓት አይፈጁም። የሚፈጀው ምክንያቱን ማግኘት ነው፤ በጎ ማድረግ የሚባለውም ለኔ እዚያ ነው ያለው። ፈተና ላይ ሁሉም በጎ ማድረግን ከቢላው ጋር ብቻ ያያይዘዋል።

አንድ የጌራ ምድር ሰው ሦስት ቀን እምቢ አሉን። ሁላችንም ማረሻ መያዝ ስለማይችሉ ነው ብለን ገምተን ስለ ሰው ሠራሽ እግር እናወራላቸዋለን። በሦስተኛው ቀን ቁስላቸውን ስጠርግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከቆረጣችሁት በኋላ የት ትጥሉታላችሁ?» አሉኝ። ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። ቤተሰብ ወስዶ መቅበር ይችላል፣ እኛው ጠቅልለን እንሰጣለን አልኳቸው። ዝም አሉ። ልጃቸውን ጠርተው በቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ቦታ እንዲያስጠይቅ ላኩት፤ በማግስቱ ራሳቸው አሻራቸውን አደረጉ። ልጃቸውን አስፈርመን አደንዝዘን ብንሠራቸው ኖሮ እግሩም ይወጣ ነበር፤ ሰውየው ግን ነቅተው እግራቸው የት እንደደረሰ የሚጠይቁት ልጃቸውን ነበር።

የመንዙ ልጅ፦ እሺ እዚህ ላይ ረታሽኝ። ግን ልጁ አያስፈልግም ማለት ነው?

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ ማን አለ? አንተ ቤተሰብ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። የኛ ጥፋት ነገሩን መጀመሪያ ለልጁ በኮሪደር መንገር ነው፤ አባት አልጋ ላይ ተኝተው ሰው በር ላይ ሲንሾካሾክ ያያሉ። ቅደም ተከተሉን አዙረው። ሰውየውን «ማን አብሮዎት ይስማ? ማን ያማክርዎት?» ብለህ ጠይቃቸው። ልጄ ይወስንልኝ ካሉ ይሄም የሳቸው ውሳኔ ነው፣ ቻርት ላይ ይጻፋል። አላሉም ከተባለ ልጁ ይለምናል፣ ያለቅሳል፣ የንስሐ አባት ያመጣል፤ አይፈርምም።

ሕግ የተማረው፦ አለቀ ማለቴን አነሣሁ። ሕጉ እምቢ ማለት ይቻላል አለ እንጂ፣ እምቢ ያለው ሰውዬ ያን ሰዓት ራሱን ያውቅ እንደሆነ የሚያጣራው ሐኪሙ ነው። እምቢታው ግን ተጣርቶ ከጸና፣ ሐኪሙ ደስ ባይለውም ይጸናል። ሲስተር፣ እዚህ ላይ እንዳትሸሺኝ።

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ አልሸሽም። አንዲት እናት ሁሉንም በደንብ መለሱልኝ። «እሞታለሁ፣ አውቄዋለሁ፤ ባሌን የቀበርኩበት ልቀበር፣ ሙሉ ሆኜ» አሉኝ። ቀኖቹን ከእኔ በፍጥነት ቆጠሩ። በማግስቱም ያው ነው። ሸኘናቸው።

ኢንተርኑ፣ ከራስ ወረደ ያልከውን ግን እዚህ ላይ ስማኝ። ያ ፎርም የሚያሳየው መነገራቸውን ነው እንጂ እዳችንን አይሰርዝም። የሚዋጥ ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ሰጠን፣ ኢንሱሊኑን ልጃቸው እንዲወጋ በፊታችን አለማመድን፣ ፋሻና ጓንት ጨመርን። ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ጥቁረቱ ከቁርጭምጭሚት ካለፈ፣ መቀባዠር ከጀመሩ በማንኛውም ሰዓት ተመለሱ፣ ማንም አይቆጣችሁም አልን። የመጨረሻዋ ትልቅ ነገር ናት፤ ፈርሞ የወጣ ሰው ሐኪሞቹ ይሰድቡኛል ብሎ ፈርቶ ነው የሚዘገየው። አልተመለሱም። በኋላ ምን እንደሆኑ አላወቅኩም።

ተፈታኟ፦ ስለዚህ መልሴ ልጁ አይፈርምም፣ ዝም ብሎም አይሰናበቱም ነው። መጀመሪያ ስኳርና ትኩሳቱን እያከሙ አቅማቸውን ማየት፣ ምክንያቱን መፈለግ፣ ጸንተው እምቢ ካሉ እያከሙ መሸኘት። መምህራችን ግን ከአራቱ መርሆች፣ በራስ ከመወሰን፣ በጎ ከማድረግ፣ ካለመጉዳትና ከፍትሕ፣ የትኛው እንደሚያሸንፍ ጻፉ ይለናል።

የዋርዱ ኢንተርን፦ እኔም ቀዳሚ አለ ያልኩት ተሳስቼ ነው መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 አራቱን ያቀረቡት ቢቻምፕና ቺልድረስ እንኳ ደረጃ አልሰጧቸውም፤ ጉዳዩ ላይ ሆነህ ነው የምትመዝነው።

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ የሚያሸንፈውን ጻፉ ካለ፣ ለእኚህ ሰው ዛሬ የትኛው እንደሚመዝንና ለምን እንደሆነ ጻፊ። «አቅም ካላቸው» የሚለውን ሁኔታ ሳትጽፊ ግን ወረቀቱን እንዳትሰጪ፣ ነጥቡ እዚያ ነው።

የመንዙ ልጅ፦ አንድ ልጨምር። ሰውየው ነቅተው፣ ገብቷቸው እምቢ አሉ እንበል። በማግስቱ መርዙ ወደ ደም ገብቶ ራሳቸውን ሳቱ። ልጁ አሁን እግራቸው ሥር ቆሞ «አሁንማ መናገር አይችሉም፣ ሥሩልኝ» ቢልስ?

ሕግ የተማረው፦ ትላንት የተናገሩት ዛሬ ዝም ስላሉ አይሻርም። ያው እምቢታ ነው።

የዋርዱ ኢንተርን፦ ያን ሌሊት ተረኛው እኔ ብሆን ግን... ትላንት እምቢ ሲሉ ሕመሙ ራስ የሚያስት ነው ብዬ በግልጽ ነግሬያቸው ነበር ወይ?

የቀዶ ሕክምናዋ ሲስተር፦ እሱን ነው ቻርቱ ላይ የምፈልገው። «ራስዎን ቢስቱስ ምን እናድርግ?» ተብለው ከተጠየቁና ያን ጊዜም አትንኩኝ ካሉ፣ ሕግ ከተማረው ጋር ነኝ። ካልተጠየቁ ግን እኔም እንደ ኢንተርኑ እጄ ይንቀጠቀጣል።

የመንዙ ልጅ፦ እኔ አሁንም ሥሯቸው ነበር የምለው። አባቴን እያየሁ...