በባንክ 11 ሚሊዮን ብር ያለው የጤና መድን ቋት አቅሙ የተረጋገጠ ነውን?

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ የቋቱ አባል)
«የጤና መድን ቋታችን እስከ ግንቦት 30 ያለውን ሪፖርት ለጥፏል። 8,000 አባወራዎች እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ከፍለናል፤ የዓመቱ ሽፋን የጀመረው መጋቢት 1 ነው። በባንክ 11 ሚሊዮን ብር አለ፣ ለጤና ተቋማት የሚከፈለው ዕዳ ደግሞ 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለአንድ ብር ዕዳ 5 ብር ከ50 ካለን፣ በግል ተቋም የሚደረግ ምርመራም ይሸፈንልን ብለን ለምን አንጠይቅም?»

ከቀፊራ፣ ነጋዴ
ጥያቄውን እደግፋለሁ። እኔ የአንድን ድርጅት ሂሳብ ሳይ መጀመሪያ የምመለከተው የባንክ ብድር እንዳለበትና እንደሌለበት ነው። ይህ ቋት ብድር የለበትም፣ ወለድም አይከፍልም፤ ዕዳው ለሀብቱ ሲካፈል ለአንድ ብር 18 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። በዕቃ ንግድ የተሰማራ ሰው ከረንት ሬሾው፣ ማለትም በእጁ ያለው ሀብት በቅርቡ ለሚከፍለው ዕዳ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ትልቅ ሆኖ እንኳ ሊቸገር ይችላል፤ በመጋዘን የተከማቸው የማይሸጥ ዕቃ ከሀብት ጋር ተቆጥሮለት ስለሚሆን። ቋቱ ግን ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ በቁጥሩ ላይ ጥርጣሬ የሚፈጥር ነገር አይታየኝም።

ከከዚራ፣ በመድን ሂሳብ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ
ስለ መጋዘኑ ዕቃ ያሉት ትክክል ነው፤ የቋቱም ሀብት ጥሬ ገንዘብ መሆኑን አልክድም። ችግሩ ያለው ከሀብቱ በኩል ሳይሆን ከዕዳው በኩል ነው፤ ሁለት ትላልቅ ዕዳዎች ሪፖርቱ ላይ አልሰፈሩም።

አንደኛው እኛው አባላቱ አስቀድመን የከፈልነው መዋጮ ነው። 12 ሚሊዮን ብር ተሰብስቧል፣ ነገር ግን ከ12 ወር ሽፋን ውስጥ ያለፈው 3 ወር ብቻ ስለሆነ ቋቱ በእርግጥ የራሱ ያደረገው 3 ሚሊዮን ብር ነው። ቀሪው 9 ሚሊዮን እስከ የካቲት 30 ድረስ ልንታከምበት የተቀመጠ የእኛ ገንዘብ ስለሆነ፣ በመድን ሂሳብ አሠራር በዕዳ በኩል ይመዘገባል። ሁለተኛው ደግሞ ሕክምናው ተሰጥቶ የክፍያ ጥያቄው ገና ያልደረሰው ነው። ትናንት የታከመ ሰው ሂሳብ ዛሬ ቋቱ ጋ አይደርስም። የቋቱን ያለፈ ዓመት መዝገብ አይቼ በግምት ያስቀመጥኩት 1.2 ሚሊዮን ብር ነው።

እንግዲህ የተመዘገበው 2 ሚሊዮን፣ ገና ያልደረሰው 1.2 ሚሊዮንና የቀሪዎቹ ወራት መዋጮ 9 ሚሊዮን ሲደመሩ ዕዳው 12.2 ሚሊዮን ይሆናል። 11 ሚሊዮን ለ12.2 ሚሊዮን ሲካፈል የሚገኘው 5.5 ሳይሆን 0.9 ነው። ነጋዴው ያነሱት 18 ሳንቲምም ለአንድ ብር ሀብት አንድ ብር ከ11 ሳንቲም ዕዳ ወደሚል ይለወጣል። ከባንክ ያልተበደረ ቋት በአባላቱና በጤና ተቋማቱ ገንዘብ ሊቆም እንደሚችል ከዚህ ማየት ይቻላል።

ከቀፊራ፣ ነጋዴ
ያልደረሰውን ሂሳብ እቀበላለሁ፣ 9 ሚሊዮኑን ግን ዕዳ ማለት ይከብደኛል። ዕዳ ማለት ባለቤቱ መጥቶ የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። ያልታመመ አባል 1,500 ብሩን መልሱልኝ አይልም፤ እንግዲህ ማንም የማይጠይቀውን ገንዘብ ለምን ከዕዳ ጋር እንቆጥረዋለን?

ከለገሀሬ፣ በጤና ጣቢያ ፋይናንስ ክፍል የምሠራ
አባሉ ባይጠይቅ እንኳ እኛ እንጠይቃለን። ሂሳብ የምናቀርበው በየሩብ ዓመቱ ነው፤ ከመላኩ በፊት የእያንዳንዱን ታካሚ ካርድ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር እናመሳክራለን፣ ቋቱም በበኩሉ ከካርዶቹ ናሙና አውጥቶ ይፈትሻል። የበሽታው ዓይነት ሳይጻፍ መድኃኒት የታዘዘበት ካርድ ከተገኘ ያ ክፍያ ይቆረጣል ወይም ለማስተካከያ ይመለሳል። በዚህ ምልልስ ምክንያት የሚያዝያ ወር ሕክምና ሂሳብ በሐምሌ ቋቱ መዝገብ ላይ ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚህ ግንቦት 30 ላይ 2 ሚሊዮን ብቻ መጻፉ ዕዳው ትንሽ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ወረቀቱ ገና መንገድ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የመንግሥት ድጎማ በዚህ ስሌት ውስጥ አልተካተተም። ለዚህ ዓመት ለቋቱ የተያዘለት 1.5 ሚሊዮን ብር ገና አልገባም፤ እርሱ ሲጨመር ሥዕሉ ይለወጣል።

ከከዚራ፣ በመድን ሂሳብ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ
የነጋዴው ተቃውሞ መልስ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። 9 ሚሊዮኑ ለአባላት አይመለስም፣ ቀሪውም ሕክምና በትክክል 9 ሚሊዮን ይፈጃል የሚል ሕግ የለም። ምን ያህል እንደሚፈጅ የሚነግረን የሦስቱ ወራት ገቢና ወጪ ነው፤ ከገቢው ላይ ወጪው ሲነሳ ምን እንደሚቀር ወደሚያሳየው የትርፍ ህዳግ የምንመጣውም ለዚህ ነው።

በሦስቱ ወራት የተገኘው ገቢ 3 ሚሊዮን ነው። በእነዚሁ ወራት ለተሰጠ ሕክምና 300 ሺህ ብር ተከፍሏል፣ 2 ሚሊዮን ተመዝግቦ ይጠበቃል፣ 1.2 ሚሊዮን ገና ይመጣል፤ ድምሩ 3.5 ሚሊዮን ነው። በሥራ ማስኬጃ የወጣው 300 ሺህ ሲታከል 3.8 ሚሊዮን ይደርሳል። ቋቱ ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ አንድ ብር 1 ብር ከ27 ሳንቲም ገደማ እያወጣ ነው ማለት ነው።

አሁን 9 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር ለጊዜው እንተወውና እርስዎ እንደሚፈልጉት በጥሬ ገንዘቡ ብቻ እንሂድ። ከ11 ሚሊዮኑ ላይ ለተሰጠ ሕክምና የሚከፈለው 3.2 ሚሊዮን ሲነሳ 7.8 ሚሊዮን ይቀራል። የወር ወጪው በአማካይ 1.27 ሚሊዮን ስለሆነ ይህ ገንዘብ የሚያቆየን 6 ወር ከጥቂት ቀናት ነው። ታኅሣሥ ገና እንደባተ ያልቃል፤ ሽፋናችን ግን እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ድጎማው ሙሉ በሙሉ ቢገባ የሚገፋን እስከ ጥር 10 አካባቢ ነው። አዲስ ምርመራ ሳንጨምር ማለት ነው።

ከ5.5 ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላም ቁጥር አለ። ቋቱ ይህን ዓመት የጀመረው በ1 ሚሊዮን ብር ተራፊ ነው ተብሎ ተነግሮናል፤ ነገር ግን በእነዚህ ሦስት ወራት ለአምናው ሕክምና 1.4 ሚሊዮን ብር ከፍሏል። የአምናው ተራፊ በእርግጥ 400 ሺህ ብር ጉድለት ነበር፣ የሸፈነውም የዘንድሮ መዋጮ ነው። አንድ ቋት መውደቅ መጀመሩ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ባንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ የአዲሱ ዓመት መዋጮ የአሮጌውን ዓመት ሂሳብ ሲከፍል ይታያል።

ከገንደ ቆሬ፣ የሦስት ልጆች እናት
እኔ ስለ ሬሾ አላውቅም፣ የደረሰብኝን ግን ልናገር። መታወቂያዬን አሳድሼ፣ መዋጮዬንም በወቅቱ ከፍዬ ልጄን ለሳንባ ምች ሳሳክም፣ መድኃኒቱ በተቋሙ የለም ተብሎ ማዘዣ ተጽፎልኝ ከውጭ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። ቋቱ ገንዘብ የለውም የምትሉኝ ከሆነ፣ እኔ የገዛሁት መድኃኒት ታዲያ በየትኛው ወጪ ውስጥ ተቆጠረ?

ከለገሀሬ፣ በጤና ጣቢያ ፋይናንስ ክፍል የምሠራ
እህቴ፣ በየትኛውም ውስጥ አልተቆጠረም፤ ለዚህ ነው ጥያቄሽ ከርዕሱ የማይወጣው። መደርደሪያችን ባዶ ሲሆን ለቋቱ የምንልከው ሂሳብ ያንሳል፣ በቋቱ ሪፖርት ላይም ወጪው ቀንሶ ህዳጉ የተሻሻለ ይመስላል። የተሻለ ህዳግ ሳይ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ከማዘዣዎቹ ውስጥ ስንቱ በተቋሙ ተሞላ የሚለውን ነው። ቋቱ ሲዘገይብን ደግሞ መድኃኒት የምንገዛበት ገንዘብ ይጠፋል፤ ስለዚህ የእኛ ተሰብሳቢ ሂሳብ መቆለል ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንቺ ከውጭ እንድትገዢ ያደርግሻል። በድጎማው ጉዳይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። በበጀት የተያዘ ገንዘብ ስለሆነ ቢያንስ የሩቡ ዓመት ድርሻው፣ ማለትም 375 ሺህ ብር፣ በገቢ ሊቆጠር ይገባል።

ከከዚራ፣ በመድን ሂሳብ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ
በገቢ ይቆጠር፤ የሦስት ወሩ ኪሳራ ከ800 ሺህ ወደ 425 ሺህ ይወርዳል፣ ያ ትክክለኛ ማስተካከያ ነው። በጥሬ ገንዘብ አቅም ስሌት ውስጥ ግን እስኪገባ ድረስ አልጨምረውም፤ ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው ከባንክ እንጂ ከበጀት ደብዳቤ አይደለምና።

ከመጋላ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ
የሦስት ወር ወጪ በአራት አባዝቶ መፍረድ ትክክል ነው ወይ? ከመጋቢት እስከ ግንቦት የወባ ወቅት ካልሆነ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው የባሰ ይሆናል፤ ወቅቱ ከሆነ ደግሞ የቀረው ዓመት ይቀልላል። እኛ በእድሩ በአንድ ወር አራት ሐዘን ገጥሞን ቀጣዮቹን አምስት ወራት ምንም ሳንከፍል ያለፍንበት ጊዜ አለ።

ከከዚራ፣ በመድን ሂሳብ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ
ጥሩ ነጥብ ነው፣ የስሌቴ ደካማ ጎንም እርሱ ነው። በተለምዶ ወባ የሚበረታው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ስለሆነ ታኅሣሥ ያልኩት ወደ ኅዳር ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኙ የተነሣው በበጋ ነበር፤ አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም። ስለዚህ ከወቅቱ ተነሥቶ ይቀላል ወይም ይከብዳል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ላልታሰበው ጊዜ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፣ ቋታችን ደግሞ መጠባበቂያ ሳይሆን ጉድለት ነው ያለው። እድሩን በተመለከተ፣ እናንተ በየወሩ ትሰበስባላችሁ፣ ሐዘን ሲበዛም ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ መዋጮ ትጨምራላችሁ። ቋቱ እስከ ቀጣዩ የዕድሳት ወቅት አንድ ብር መጨመር አይችልም።

ከሳቢያን፣ ጠያቂው
የግል ተቋሙን ጥያቄ ለጊዜው አነሣለሁ። ለቀጣዩ ስብሰባ ምን ሰነድ እንጠይቅ?

ከለገሀሬ፣ በጤና ጣቢያ ፋይናንስ ክፍል የምሠራ
ውል ካላቸው ተቋማት ሁሉ በግንቦት 30 ከቋቱ የሚጠብቁትን ተሰብሳቢ በጽሑፍ አስመጡና በሪፖርቱ ካለው 2 ሚሊዮን ጋር አነጻጽሩ። የ1.2 ሚሊዮኑ ግምት መብዛቱም ማነሱም በዚያ ይታያል።

ከቀፊራ፣ ነጋዴ
በዚህ እስማማለሁ። ግን ቁጥሩ ተረጋግጦ ጉድለቱ ቢጸና መዋጮው ወደ 2,000 ብር ይጨምር የሚል ሐሳብ ከወዲሁ እየሸተተኝ ነው፤ ያን እቃወማለሁ። ዋጋው ሲጨምር ጤነኛው ሳያድስ ይቀራል፣ የሚያድሰው የታመመው ብቻ ይሆናል፣ ያኔ የህዳጉ ስሌት ከዛሬው የባሰ ይመጣል።

ከከዚራ፣ በመድን ሂሳብ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ
ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ስንት አባወራ እንደሚወጣ ሳናውቅ 2,000 ብሩ ይበቃል ወይም አይበቃም ለማለት እኔም አልደፍርም። የአምናና የዘንድሮ ዕድሳት መዝገብ በየቀበሌው ተለይቶ ቢመጣ፣ ሳያድሱ የቀሩት አምና ምን ያህል ጊዜ ታክመው እንደነበር አብረን እናየዋለን።