ማር ቢፈላስ? የሰባት ወር ሕፃንና የማር ክርክር

ሰናይት፦ የሰባት ወር ልጄን ሳል ይዞታል። እናቴ ማር በሙቅ ውሃ አሟሙተሽ አጠጪው ትላለች። ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም የሚሉም አሉ። በደንብ ቢፈላስ?

ዮናስ፦ ያልተበረዘ ማር ከሆነ ምን ችግር አለው? ማር ውስጥ ባክቴሪያ አይራባም። የቀረ ካለም ሲፈላ ይሞታል።

ሄለን፦ አይራባም ያልከው ልክ ነው። ግን ቦቱሊዝም የሚባለውን ጡንቻ የሚያዝል በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ማር ውስጥ የሚገኘው ስፖር ሆኖ ነው፤ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። ከአፈርና ከአቧራ ስለሚመጣ ያልተበረዘው ማርም ሊኖርበት ይችላል፤ በመልክም በጣዕምም አይለይም። ማፍላት ስፖሩን አይገድለውም። የታሸገ ምግብ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በግፊት እስከ 121 ዲግሪ የሚያሞቁት ለዚህ ነው። ሙቀት የሚያጠፋው ባክቴሪያው የሚያመነጨውን መርዝ ነው፤ ሕፃን ላይ ግን መርዙ የሚመረተው ከዋጠ በኋላ፣ አንጀቱ ውስጥ ነው።

ግርማ፦ አራት ልጆቼን ማር እያላስኩ ነው ያሳደግኩት። አንዱም አልታመመም።

ሄለን፦ እሰየው ጋሽ ግርማ፤ ስፖር የዋጠ ሕፃን ሁሉ አይታመምም፣ በሽታውም ብርቅ ነው። ሕፃናትን በዚህ መንገድ እንደሚይዝ የታወቀውም በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ያሳደጉ እናቶች ከየት ያውቁታል? የእኛ አንጀት በሌሎች ባክቴሪያዎች ስለተሞላ ስፖሩ ቦታ አጥቶ ያልፋል። የሕፃን አንጀት ግን ገና ነው፤ ስፖሩ እዚያ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዙም ነርቭ ጡንቻን እንዳያንቀሳቅስ ያግዳል። ብዙ ጊዜ በሆድ ድርቀት ይጀምራል። ከዚያ ልጁ ጡት መሳብ ይደክመዋል፣ ለቅሶው ይሰልላል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንገቱ ይዝላል። ትኩሳት ስለማይታይ ወላጅ ይዘናጋል። ወደ መተንፈሻው ጡንቻ ከደረሰ ማሽን ያስፈልገዋል። ምልክቱ እስከ ወር ሊዘገይ ስለሚችል፣ ማር የቀመሰ ልጅ እንዲህ ከሆነ ማሩን ለሐኪሙ መንገር አይረሳ።

ሜሮን፦ እኔ እያጠባሁ በየቀኑ ማር እበላለሁ። ላቁም እንዴ?

ሄለን፦ ኧረ ብዪ፤ ስፖሩ ወደ ጡት ወተት አያልፍም። የጡጦ ጫፍ ላይ ብቻ አትቀቢ።

ዮናስ፦ አቧራ ውስጥም ካለ ማርን ብቻ መከልከል ምን ይጠቅማል? ዓመት በሞላው ማግስትስ አንጀቱ ይለወጣል?

ሄለን፦ የአብዛኞቹ ታማሚዎች ምንጭ ማር አይደለም፤ እንዲያውም ሳይታወቅ ይቀራል። ግን አቧራን ማን ይከለክላል? ማርን መተው ግን በእጃችን ነው። 12 ወርም በአንድ ሌሊት የሚለወጥ ነገር ኖሮ አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚታመሙት ከስድስት ወር በታች ሆነው ነው፣ የቀረው ለጥንቃቄ የተጨመረ ነው።

ዮናስ፦ እንግዲያው ስድስት ወር ላለፈው ክልከላው የበዛ ይመስለኛል።

ሄለን፦ እኔ አይመስለኝም፤ ከስድስት ወር በኋላ የታመሙም አሉ። ሰናይት፣ ጡት ደጋግመሽ ስጪው። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ሰናይት፦ ደረቱ ደህና ነው። ለእናቴ እስኪ ይህን አነብላታለሁ፤ ማፍላቱ አይበቃም ብላት ግን በቀላሉ የምታምነኝ አይመስለኝም።