አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ግዴታ ይሁን? (ክርክር)

ቤቲ፦ አሜሪካ፣ አንድ የማኅበረሰብ ጤና ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የድብርት መጠይቅ ወደ አማርኛ አስተርጉመናል። አለቃዬ «ሌላ ሰው አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው፣ ከዋናው ጋር ካልገጠመ አይወጣም» ብላለች። ተርጓሚዎቹ ደግሞ «ብር ማባከን ነው» እያሉ ነው። ግዴታ መሆን አለበት? እናንተ ከማን ጋር ናችሁ?

ሄኖክ፦ ከአለቃሽ ጋር። ሴትዮዋ አማርኛ አታነብም፣ ታዲያ በማታነበው ወረቀት ላይ እንዴት ትፈርም? ብር ስትቀበይ እኮ ሁለቴ ትቆጥሪያለሽ። የተመለሰው እንግሊዝኛ ከዋናው ጋር ከገጠመ ትርጉሙ ልክ ነው፣ ካልገጠመ ስህተት ነው። በቃ። ተርጓሚዎች የማይወዱት የሚያጋልጣቸው ስለሆነ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ሄኖክ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነህ። «ከገጠመ ልክ ነው» ያልከው ላይ ግን ቆም በል። ሃያ ዓመት መጠይቅ ስተረጉም መልሶ ሲተረጎም አንደኛ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ አይቻለሁ። ቃል በቃል የተተረጎመው ነው።

የቤቲ መጠይቅ ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ከሆነ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ፊሊንግ ዳውን» የሚል አለ፣ መከፋት ለማለት ነው። አንዱ ሰነፍ «ወደ ታች የመውረድ ስሜት» ብሎ ተረጎመው እንበል። መላሹ፣ ማለትም ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው፣ ምን ይጽፋል? «ፊሊንግ ዳውን»። ልክክ አለ! አለቃም ደስ ይላታል። እማማ ግን ሲነበብላቸው ራስ ማዞር ወይም ደረጃ ላይ መንሸራተት ነው የሚመስላቸው። ጎበዙ ተርጓሚ ደግሞ «ሆድ ይብስዎታል?» ብሎ ጻፈ። ውጭ ያደገ ልጅ ሲመልሰው «ሆድዎ ታመመ?» ይለዋል። ቀይ እስክሪብቶ የሚያርፈው ጎበዙ ላይ ነው። ይሄ ሲደጋገም ተርጓሚው ይማራል፤ እንግሊዝኛን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይጀምራል፣ ምክንያቱም የሚያልፈው እሱ ነው።

ሲስተር አልማዝ፦ የኔን ልንገራችሁ። ያኔ በሠራሁበት ክሊኒክ፣ ስሙን ልተወው፣ ይሄው መጠይቅ በአማርኛ መጣልን። ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ምስክር ወረቀት ተያይዞበታል፣ ማኅተም ሁሉ አለው። ከአራቱ ምርጫዎች ሦስተኛው «ከግማሽ ቀን በላይ» ይላል። አንዲት እናት ጋ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ይከፋዎት ነበር?» ምርጫዎቹንም አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ግማሽ ቀንስ አይሞላም። ጠዋት ጠዋት ነው፣ ቡና ከጠጣሁ ይለቀኛል» አሉኝ። ስንት ቀን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ቀን ቀንማ ሁሌ ነው» አሉ። ይህን ሰው የት ጋ ነው ምልክት የማደርግለት?

ጋሽ ታደሰ፦ አመሰግናለሁ ሲስተር፣ ለማስረዳት ስፈልገው የነበረው ይሄንን ነው። እንግሊዝኛው «ሞር ዛን ሃፍ ዘ ዴይስ» ነው። ከአሥራ አራቱ ቀን ከሰባት በላይ ማለት ነው። አማርኛው ግን ስለ አንድ ቀን ግማሽ ሆነ፣ እስከ ምሳ ድረስ እንደማለት። መላሹ በታማኝነት «ሞር ዛን ሃፍ ዘ ዴይ» ብሎ መለሰው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት «ስ» ነች። የሚያመሳክረው ሰው ሃምሳ መስመር ሲያይ ውሎ እሷን አለፋት፣ ወይም የፊደል ግድፈት መስላው አረማት።

ጉዳቱን በቁጥር እዩት። ምርጫዎቹ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አላቸው፣ ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ 10 ሲሞላ ነው «ይታዩ» የሚባለው። አንድ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ ነው የከፋው፣ ግን ሙሉ ቀን። በስድስት ጥያቄ ላይ እንዲህ ቢሆን በትክክለኛው መጠይቅ 6 ነው። በተበላሸው ግን «ከግማሽ ቀን በላይማ ነው» ብሎ ሁለት ሁለት ይይዛል፣ 12 ይሆናል። ያቺ እናት ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፣ በየቀኑ እየከፋቸው ዝቅ ብለው ይወጣሉ። ድምሩ ላይ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አይታይም።

ዳዊት፦ ይሄ ሁሉ ክርክር ውጫሌን ረስቶ ነው? እ.ኤ.አ. 1889! አንቀጽ 17! አንድ ሰው አማርኛውን ወደ ጣልያንኛ መልሶት ቢሆን ኖሮ አድዋም ባልነበረ። መልሶ መተርጎም ግዴታ ይሁን፣ ነጥብ።

ጋሽ ታደሰ፦ አድዋን እንኳ በአንድ አስተርጓሚ አታስቀራት። ስለ ቃሉ ግን ልክ ነህ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መገልገል «ይቻላቸዋል» ነው የሚለው። ጣልያንኛው ግን ለመገልገል ተስማምተዋል ይላል፣ እነሱም እንደ ግዴታ ይዘው ኢትዮጵያ በጥበቃችን ሥር ናት አሉ። ጣልያንኛውን ያላየ ሰው «ይቻላቸዋል»ን ወደ ጣልያንኛ ቢመልሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታይ ነበር። ይሄ ለሄኖክ ነው የሚቆጠረው። የተዘለለ መስመር፣ የጠፋ «አይደለም»፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ «ይችላል» ወደ «አለበት» ሲቀየር፣ መልሶ መተርጎም እነዚህን ይይዛል። ወንፊት ነው፤ ድንጋዩን ይይዛል፣ አቧራው ግን ያልፋል።

ሰናይት፦ እኔ እስራኤል ነኝ፣ ከዕብራይስጥ ነው የምሠራው። ስለ አቧራው ልጨምር። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ ሦስቱም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ «ዩ» ናቸው። መጠይቁ በሙሉ «አንተ» ተብሎ ቢጻፍና የሰባ ዓመት ሴት ቢሰጣቸው፣ የተመለሰው እንግሊዝኛ ላይ ምንም አይታይም። ወደ ዕብራይስጥ ስንመልሰው ጾታው ይታያል፣ አክብሮቱ ግን እዚህም ይጠፋል።

ሌላው ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ስለ ልጆች የሚጠይቅ ቅጽ ላይ «ልጁ ይመታል?» የሚል አይቼ አውቃለሁ። ይማታል ወይ ነው ወይስ ሰው ይመታዋል? መላሹ አንዱን መርጦ ይጽፋል፣ ደግሞ ርዕሱን አይቶ ትክክለኛውን ይመርጣል። ወላጁ ቤቱ ሆኖ ሌላውን ያነባል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ሰላም ነው።

ሄኖክ፦ እሺ፣ «ከገጠመ ልክ ነው» ያልኩትን አነሳለሁ። ግን ተጠያቂነቱስ? መላሽ ከሌለ ተርጓሚው ያሻውን ጽፎ «አማርኛው እንዲህ ነው» ይለናል። ደግሞ መላሹ ጎበዝ ቢሆን የምትሉት ሁሉ ይቃለላል።

ጋሽ ታደሰ፦ እንዲያውም ጎበዙ ነው የሚያስቸግረው! ስለ መልሶ መተርጎም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፈው ተመራማሪ ሪቻርድ ብሪስሊን ራሱ አስጠንቅቆበታል። ጎበዝ መላሽ የተበላሸ ጽሑፍ አንብቦ ሊል የፈለገውን ይገምታል፣ አሳምሮ ይጽፈዋል። «ሪስክ» ለማለት «አደጋ» ተብሎ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ ስጠው። የጤና ቋንቋ ስለሚያውቅ «ሪስክ» ብሎ ይመልሰዋል። አንባቢው ግን አደጋ ሲባል መኪና ነው የሚያስበው።

ስለዚህ ቤቲ፣ ካደረጋችሁት እንዲህ አድርጉት። መላሹ ዋናውን እንግሊዝኛ ከዚህ በፊት ያላየው ይሁን። «አታሳምር፣ የተጻፈውን ጻፍ፣ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ካለ ሁለቱንም ጻፍ» በይው። ከዚያ አለቃሽ ብቻዋን አትፍረድ። ሁለቱ ተርጓሚዎችና አንድ ሦስተኛ ሰው ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ልዩነት «ከየት መጣ?» ይበሉት፤ ከአማርኛው ነው፣ ከመላሹ ነው፣ ወይስ እንግሊዝኛው ራሱ ድፍን ነው? ብዙ ቢሮዎች የሚዘሉት ይሄንን ነው። የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናት የሚባለው ትልቁ መጠይቅ እኮ በመልስ ትርጉም ላይ አይመረኮዝም። ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ ተርጉመው ከገምጋሚ ጋር አብረው ይወያያሉ፣ ከዚያ በሰው ይሞከራል።

ቤቲ፦ ጋሽ ታደሰ፣ ቢሮአችን ውስጥ ከኔ ሌላ አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው ነው ያለው። የበጀቱን ነገር ባላነሳው ይሻላል። አንዱን ብቻ ምረጥ ቢሉኝስ?

ጋሽ ታደሰ፦ መልሶ መተርጎሙን ትቼ ስድስት ሰው እመርጣለሁ። ሁለት አዛውንት፣ ሁለት እናቶች፣ ሁለት ወጣቶች። ጥያቄውን አንብበሽላቸው በራሳቸው ቃል ይንገሩሽ። «ግማሽ ቀን»ን ያጋለጠችው ቡና ጠጪዋ እናት ነች እንጂ ባለማኅተሙ አይደለም።

ሲስተር አልማዝ፦ እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። «ገባዎት?» ስትላቸው ሁሉም «አዎ ልጄ» ነው። ይሉኝታ አለ፣ ለነርስ «አልገባኝም» ማለት ነውር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ያችን እናት የያዝኳት በአጋጣሚ ወሬ ስለምትወድ ነው። ከሷ በፊት ስንቱን ዝም ብዬ ሞልቻለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦ እውነት ነው። «ገባዎት?» አይባልም። «ሦስተኛውን መርጠዋል፣ የትኞቹ ቀናት ነበሩ? ሰኞ? ማክሰኞ?» ነው የሚባለው። ቀን ሲቆጥሩ ይወጣል፤ «ሰኞ እስከ ምሳ» ካሉሽ አወቅሽ።

ሄኖክ፦ እኔ አሁንም ሁለቱም ይሁን ባይ ነኝ። ስድስት ሰው «የተዘለለ መስመር አለ» ብሎ አይነግርሽም፣ ዋናውን አላዩትማ።

ሰናይት፦ ለዛስ ሙሉውን መመለስ አያስፈልግም። አሉታ፣ ቁጥር፣ ጊዜ የሚናገሩ መስመሮችንና መልስ መምረጫዎቹን ብቻ አስመልሺ። የተዘለለውን ለማወቅ መስመር መቁጠር ይበቃል።

ሄኖክ፦ የትኛው መስመር አደገኛ እንደሆነ ማን ይመርጣል? ያው ተርጓሚው? ተመልሰን እዛው።

ቤቲ፦ ማታ እናቴ ጋ ደውዬ የኛን ሦስተኛ ምርጫ አነበብኩላት። የኛው «ከግማሽ በላይ ለሆኑ ቀናት» ነው የሚለው። «ምን ማለት ነው?» ስላት ትንሽ አሰበችና «ስምንት ዘጠኝ ቀን» አለች። እሱስ ተርፏል። ሌላ ጣጣ ግን መጣ። መጠይቁ በሙሉ «እርስዎ» ነው፣ እናቴም «ደስ ይላል» አለች። የአሥራ አምስት ዓመት የእህቴ ልጅ አጠገቧ ሆና «እርስዎ ማነው? አያቴን ነው?» ብላ ሳቀች። ለወጣቶቹ በ«አንተ»ና «አንቺ» ሌላ ቅጂ ይሠራ ወይስ አንዱ ይበቃል? አለቃዬን ብጠይቃት «ዩ አይደል እንዴ?» ነው የምትለኝ።