«ስቶክ ስፕሊት» እና «ባይባክ» በአማርኛ ምን ይባሉ?

ቀለሙ፦ ሰላም ቤቶች፣ የቢዝነስ ጽሁፍ እየተረጎምኩ ነበር፣ ስቶክ ስፕሊትን «የአክሲዮን ክፍፍል» ብዬ ስልክለት አርታኢው «አንባቢ ዲቪደንድ፣ ማለትም የትርፍ ክፍያ፣ ይመስለዋል» ብሎ መለሰልኝ። ባይባክን ደግሞ፣ ካምፓኒው የራሱን አክሲዮን ከባለቤቶቹ ሲገዛ ማለት ነው፣ «መልሶ ግዢ» ብዬዋለሁ። እስቲ ሃሳብ ስጡኝ።

የደጀን ልጅ፦ ክፍፍል ምን አለበት? እኛም ባንካችን ዘንድሮ ትርፉን በካሽ ሳይሆን በአክሲዮን ነው የሰጠን፣ ያው ስፕሊት በለው።

ሂሳብ ሹሟ፦ ኧረ አይደለም ወንድሜ። ያንተ ትርፍህ ነው ወደ ካፒታል ዞሮ አክሲዮን የሆነው፣ በእጅህ ሊገባ የነበረ ብር እዛው ባንኩ ውስጥ ቀረ። በስፕሊት ግን የሚንቀሳቀስ ሳንቲም የለም፣ መቶ ብር ሱቅ ወስደህ በአስር በአስር እንደማስዘርዘር ነው። እንደውም ቀለሙ፣ «የአክሲዮን ዝርዘራ» ብትለውስ? የቺፕ ካምፓኒውን ኤንቪዲያን እዩት፣ ሰኔ 2024 በፈረንጅ አቆጣጠር አንዱን በአስር ዘረዘረ፣ አርብ 1,208 ዶላር ገደማ የዘጋው አክሲዮን ሰኞ 120 አካባቢ ተከፈተ። አንድ የነበረው ሰው አስር አለው፣ የካምፓኒው ስንት ስንተኛ የእሱ ነው ብትሉ ግን ያው የድሮው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኧረ እሱን ለኔ ተዉት 😂 ሰኞ ጠዋት አፑን ስከፍት 90 ፐርሰንት ከስረሃል አለኝ፣ ዋጋው ተቀይሯል አዲሶቹ አክሲዮኖች ግን ገና አልገቡም ነበር፣ ባለቤቴን ቀስቅሼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፣ በኋላ ገቡና ሂሳቡ ተስተካከለ።

ናቲ ቦሌ፦ ግን ምንም አይጨምርም ማለት ያስቸግራል፣ ሲረክስ ደሃውም ይገዛል፣ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ስለዚህ ሃብታም ያደርጋል።

ሂሳብ ሹሟ፦ ግማሹ እውነት ነው ናቲ። ስፕሊት ሲታወጅ ግርግር ተነስቶ ዋጋ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ፣ ግን ረከሰ አትበል፣ 120 ከፍለህ የምታገኘው የድሮውን አንድ አስረኛ ነው። ደሞ አሁን አሜሪካ ብዙ አፕ የአክሲዮን ቁራሽ ይሸጣል፣ በአምስት ዶላርም ትገባለህ፣ ስለዚህ «ደሃው መግዛት አልቻለም» የሚለው ምክንያት እንደድሮው አይደለም። ካምፓኒው በማግስቱ አንድ ቺፕ ጨምሮ አልሸጠም እኮ።

ቀለሙ፦ ዝርዘራ ጆሮዬ ላይ አልከበደም፣ ግን «ዝርዝር» ሊስት ይመስላል ብለው እንዳይመልሱልኝ። ባይባኩስ? አክሲዮኑ ስለሚቀንስ የቀረነው ድርሻችን ያድጋል ይላል ጽሁፉ።

ሂሳብ ሹሟ፦ ድርሻችሁ ያድጋል፣ የምትካፈሉት ነገር ደግሞ ያንሳል፣ ጽሁፉ ይቺን ዘሏታል። በትንሽ ቁጥር እንየው። አንድ ካምፓኒ 100 አክሲዮን አለው፣ ስራው 800 ብር ያወጣል፣ ካዝናው ውስጥ ደሞ 200 ብር ካሽ አለ። ድምሩ 1000፣ ስለዚህ አንዱ አክሲዮን 10 ብር። በ200ው 20 አክሲዮን በ10 በ10 ገዝቶ ሰረዘ እንበል። አሁን 80 አክሲዮን ቀረ፣ ካዝናው ባዶ ነው፣ 800 ለ80 ያው 10 ብር። የሸጠውም 10 ብሩን ይዞ ሄደ፣ የቀረውም 10 ብሩ አለ። ዜናው ላይ የሚጮኸው ግን ሌላ ቁጥር ነው፣ የዓመት ትርፉ 80 ብር ከነበረ በአክሲዮን 80 ሳንቲም የነበረው አሁን 1 ብር ሆነ ይባላል፣ ትርፉ እኮ ፈቀቅ አላለም፣ አካፋዩ ነው ያነሰው።

ናቲ ቦሌ፦ ታዲያ ለምን ይገዛሉ? ቂል ናቸው?

ሂሳብ ሹሟ፦ የገዙበት ዋጋ ነው ነገሩ። ያንኑ አክሲዮን ገበያው አብዶ 20 ብር ገብቶ ቢገዙት በ200ው የሚያገኙት 10 ብቻ ነው፣ 800 ለ90 ሲካፈል 8 ብር ከ89፣ የቀረው ሰው ተጎዳ ማለት ነው። ገበያው ፈርቶ 5 ብር ወርዶ ቢገዙ 40 ያነሳሉ፣ የቀሩት 60ዎቹ 13 ብር ከ33 ያወጣሉ፣ ያቺ ትርፍ ግን ፈርቶ በርካሽ ከሸጠው ሰው ኪስ የወጣች ናት። ታዋቂው ባለሃብት ዋረን ባፌትም ባይባክ የሚደግፈው አክሲዮኑ ከእውነተኛ ዋጋው በታች ሲሸጥ ነው። ብዙዎቹ ካምፓኒዎች ደግሞ ካሽ የሚተርፋቸው ዘመኑ ደህና ሲሆን፣ ዋጋውም ሲወደድ ነው።

የደጀን ልጅ፦ እኔ ግን በካሽ ቢሰጡኝ ይሻለኛል፣ ለልጆች ትምህርት ቤት እከፍልበታለሁ።

ሂሳብ ሹሟ፦ ካሽ ከፈለግክ ትንሽ ሸጠህም ታገኛለህ፣ ገዢ ካለ ማለቴ ነው፣ ያንተ ባንክ አክሲዮን ላይ እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ታክሱም እንደየአገሩ ይለያያል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ የምሰራበት ቤት በየዓመቱ ባይባክ ያውጃል፣ የአክሲዮኑ ብዛት ግን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፣ ምንድነው ነገሩ?

ሂሳብ ሹሟ፦ ለእናንተ ለሰራተኞቹ በቦነስ የሚሰጠው አዲስ አክሲዮን ነዋ፣ በአንድ በኩል ያወጣሉ በሌላው ይሰበስባሉ። የአሜሪካ ካምፓኒ ከሆነ የዓመት ሪፖርቱን፣ 10-K የሚባለውን፣ የመጀመሪያ ገጽ ክፈት፣ ስንት አክሲዮን በሰው እጅ እንዳለ ተጽፏል። የአምስት ዓመቱን ደርድር፣ ካልቀነሰ ያ ሁሉ ብር በተዘዋዋሪ ደሞዝ ሆኗል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ደሞዙ የኔ ከሆነ ቅር አይለኝም 😄

ቀለሙ፦ ባይባኩን መልሶ ግዢ ብዬ ተውኩት። ዝርዘራው ላይ ግን ሌላ ሃሳብ ያለው ካለ እስከ ማታ እጠብቃለሁ፣ «ምንዘራ» ያለኝም ሰው አለ።